የጉሮሮ ካንሰር ከምን ይነሣል፣ ቀድሞስ በምን ይታወቃል

የጉሮሮ ካንሰር የሚባለው ከአፍንጫ በስተኋላ ካለው ክፍት ቦታ ጀምሮ እስከ ማንቁርት ድረስ ባለው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ የሚነሣ ካንሰር ነው። ይህ መተላለፊያ አጭር ቢሆንም የተለያዩ ክፍሎች አሉት። ከላይ ከአፍንጫ ጀርባ የተሸሸገው የላይኛው ጉሮሮ አለ። ከእርሱ በታች አፍ ሲከፈት በከፊል የሚታየው፣ ቶንሲሎችንና የምላስን ሥር የያዘው መካከለኛው ጉሮሮ ይገኛል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ምግብ ወደ ምግብ ቧንቧ የሚያልፍበት የታችኛው ጉሮሮ ሲኖር፣ ከእርሱ ፊት ለፊት ደግሞ የድምፅ አውታሮችን የያዘው ማንቁርት ተቀምጧል። በእነዚህ ቦታዎች ከሚነሡት ካንሰሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ግድግዳውን እንደ ንጣፍ ከሸፈኑት ስስ ሕዋሳት ነው። ይሁን እንጂ መነሻቸውም ሆነ መጀመሪያ የሚያሳዩት ምልክት እንደየቦታቸው ይለያያል። ትንባሆና አልኮል በብዛት የሚጎዱት ማንቁርትንና የታችኛውን ጉሮሮ ሲሆን፣ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ቶንሲልንና የምላስ ሥርን ይመርጣል። ሌላ ቫይረስ ደግሞ ከላይኛው ጉሮሮ ካንሰር ጋር ይያያዛል። አንዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድምፅ ሲያጎረንን፣ ሌላው አንገት ላይ ዕጢ እስኪወጣ ድረስ ምንም ሳያሳውቅ ይቆያል። በሽታውን በጊዜ ለመለየት ይህን ልዩነት ማወቅ ይረዳል።

ከመነሻዎቹ ሁሉ ቀዳሚው ትንባሆ ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁ ከ70 የሚበልጡ ኬሚካሎች አሉ። ጭሱ ወደ ሳንባ ሲወርድም ሆነ ሲመለስ የሚያልፈው በማንቁርት ጠባብ በር በኩል ስለሆነ፣ የድምፅ አውታሮች ጠርዝ በእያንዳንዱ ስበት ሁለት ጊዜ ይታጠናል። ከኬሚካሎቹ አንዳንዶቹ ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ተጣብቀው ጽሑፉን ያበላሻሉ። በተለይ ፒ53 የተባለው ዘረ መል ሲበላሽ ጉዳቱ ይከፋል። የዚህ ዘረ መል ሥራ ጉዳት የደረሰበትን ሕዋስ ከመራባት ማገድ፣ ካልተጠገነም እንዲሞት ማድረግ ነውና፣ እርሱ ከሌለ የተበላሸው ሕዋስ መራባቱን ይቀጥላል። ይህ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነገር አይደለም። ጉዳቱ በጉዳት ላይ እየተደራረበ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ አሥርት ዓመታት ይወስዳል። በሽታው ከመካከለኛ ዕድሜ በኋላ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሺሻ ጭሱ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ ይጣራል የሚለው እምነት በከተሞች ውስጥ ብዙ ሰው አለው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካንሰር አምጪዎቹን ኬሚካሎች አያስቀርም። ጭሱ ቀዝቅዞ ስለሚለሰልስ እንዲያውም በረጅሙ ለመሳብ ያመቻል፤ ከከሰሉ የሚወጣው ጭስም በትንባሆው ላይ ይጨመራል። በገጠር የሚጨሰው ጋያም በዚህ ረገድ ከሺሻ አይለይም። ስለ ጫት ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይነሣል። ጫት ብቻውን የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል የሚለው እንደ ትንባሆ በማያሻማ ማስረጃ የተረጋገጠ አይደለም። ነገር ግን በጫት ጊዜ ሲጋራ በሲጋራ ላይ የሚያቀጣጥል፣ ማታም «ለጨብሲ» ወደ መጠጥ የሚሄድ ሰው ሁለቱን ዋነኛ መነሻዎች በአንድ ቀን ያገናኛል።

አልኮል በራሱ ካንሰር አምጪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጦችን ካንሰር አምጪነታቸው በተረጋገጠ ነገሮች መደብ ውስጥ ያስገባቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። አልኮል በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ መጀመሪያ የሚለወጠው አሴታልዴይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ሲሆን፣ ዲኤንኤን የሚጎዳውም በዋናነት እርሱ ነው። ለውጡ በጉበት ብቻ የሚካሄድ አይደለም። አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም አልኮልን ወደ አሴታልዴይድ ስለሚለውጡ፣ በምራቅ ውስጥ ያለው መጠን በደም ውስጥ ካለው ይበልጣል። ምራቁ ደግሞ በጉሮሮ ግድግዳ ላይ እየፈሰሰ ይወርዳል።

ጉዳቱን የሚወስነው የመጠጡ ስም ሳይሆን በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል ነው። ይህን በሒሳብ ማየት ይቻላል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ አምስት በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 16 ግራም ያህል ይሆናል። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ጠጅ፣ አልኮሉ አሥር በመቶ ከደረሰ፣ ወደ 20 ግራም ይጠጋል። ጠጅ ከማር ስለሚጣል፣ ጠላም ከእህል ስለሚጠመቅ ጉዳት የላቸውም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በቤት የሚዘጋጅ መጠጥ ጥንካሬው ከጋን ጋን ስለሚለያይ ጠጪው ምን ያህል አልኮል እንደወሰደ ለመገመት እንዲያውም ይቸገራል። ምሽቱን አራት መለኪያ አረቄ የሚጠጣ ሰው ከ60 ግራም በላይ ንጹሕ አልኮል ወስዷል፤ ይህም ከአምስት ጠርሙስ ቢራ ብዙም አያንስም።

ትንባሆና አልኮል ሲገናኙ ጉዳታቸው ከመደመር ይልቅ ወደ መባዛት ይጠጋል። አልኮል የጉሮሮን ሽፋን አሳልፎ ሰጪ ስለሚያደርገው የጭሱ ኬሚካሎች ወደ ሕዋሳቱ በቀላሉ ይዘልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ታማሚዎችን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። በቀን ሁለት ፓኮና ከዚያ በላይ የሚያጨሱ፣ ከአራት መጠጥ በላይም የሚጠጡ ሰዎች ከማያጨሱትና ከማይጠጡት ጋር ሲወዳደሩ ለበሽታው የመጋለጥ ዕድላቸው ከ35 ጊዜ በላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ማቆምም ዋጋ አለው። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ሲጋራ ካቆሙ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አደጋው መቀነስ ይጀምራል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ጨርሶ ካላጨሰ ሰው ጋር ይቀራረባል። የአልኮል ጉዳት ግን ካቆሙ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ቅናሹ ጎልቶ የታየው ከ20 ዓመት ወዲያ ነው።

ሳያጨሱና ሳይጠጡ የጉሮሮ ካንሰር የሚይዛቸው ሰዎችም አሉ። ከእነዚህ መካከል የብዙዎቹ መነሻ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ወይም በአጭሩ ኤችፒቪ ነው። ይህ ቫይረስ በይበልጥ የሚታወቀው የማኅፀን በር ካንሰር አምጪ በመሆኑ ሲሆን፣ ግንኙነቱን ያሳየው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ከብዙዎቹ የቫይረሱ ዓይነቶች ጉሮሮን በዋናነት የሚያጠቃው 16ኛው ነው። ቶንሲልና የምላስ ሥር ላይ ላዩን ለስላሳ ቢመስሉም ወደ ውስጥ የሚገቡ ጥልቅ ስንጥቆች አሏቸው። የስንጥቆቹ ሽፋን ስስና ክፍተት ያለው ስለሆነ ቫይረሱ እዚያ ለመደበቅ ይመቸዋል። ከገባ በኋላ የሚያመርታቸው ሁለት ፕሮቲኖች የሕዋሱን መቆጣጠሪያዎች ያፈርሳሉ፤ ከሁለቱ አንዱ የሚያጠፋው ያንኑ ትንባሆ የሚያበላሸውን የፒ53 ጥበቃ ነው።

ቫይረሱ ወደ አፍና ጉሮሮ የሚደርሰው በዋናነት በአፍ በሚደረግ ወሲብ ነው። ከተያዙት መካከል የአብዛኞቹ ሰውነት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ካንሰር የሚሆነው ሳይወገድ ለብዙ ዓመታት በቆየባቸው ጥቂቶች ላይ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች የመከላከል አቅማቸው ከተዳከመ ቫይረሱ የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ አሥርት ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ካንሰሩ ዛሬ መገኘቱ በዛሬው ትዳር ውስጥ ስለተፈጸመ ነገር ምንም አይናገርም። ይህን ባለማወቅ በታማሚው ቤት ውስጥ ጥርጣሬ እንዳይገባ ሐኪሙ አስቀድሞ ቢያስረዳ ይበጃል። በአሜሪካ ከመካከለኛው ጉሮሮ ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉ ከኤችፒቪ ጋር እንደሚያያዙ ይገመታል። ትንባሆ በሚበዛባቸው አገሮች ድርሻው ከዚህ ያነሰ ነው። ከኤችፒቪ የመጣው ካንሰር ለጨረርና ለመድኃኒት የተሻለ መልስ ስለሚሰጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የበሽታው ደረጃ የሚወሰነው በተለየ መለኪያ ነው። ክትባቱን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። የታለመው የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ቢሆንም፣ ክትባቱ 16ኛውን ዓይነት ስለሚከላከል ጥቅሙ እስከ ጉሮሮ ይዘልቃል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ግን ክትባቱ አያስወጣውም፤ በልጅነት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

የላይኛው ጉሮሮ ካንሰር ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር ይያያዛል። በዓለም ላይ አብዛኛው ሰው በዚህ ቫይረስ ተይዞ ያለ ችግር ስለሚኖር፣ ቫይረሱ ብቻውን በሽታውን አያመጣም፤ የዘር ተጋላጭነትና አመጋገብ ይጨመሩበታል። በሽታው በደቡብ ቻይና እጅግ ሲበዛ፣ በሰሜን አፍሪካም ከብዙ አገሮች ከፍ ብሎ ይታያል። መለያው በአንድ ወገን ብቻ የሚከሰት የጆሮ መደፈን፣ በደም የተነካ የአፍንጫ ፈሳሽና የአንገት ዕጢ ነው። በአንድ ጆሮው ውኃ የገባ ያህል ተደፍኖበት ለሳምንታት ያልተከፈተለት አዋቂ ሰው የጆሮ ጠብታ ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም፤ የአፍንጫው ጀርባም መታየት አለበት።

ወደ ምልክቶቹ ሲመጣ በጣም ቀድሞ የሚናገረው የድምፅ አውታር ካንሰር ነው። ሁለቱ አውታሮች ድምፅ የሚያወጡት ጠርዛቸው በትክክል ገጥሞ በሰከንድ መቶና ከዚያ በላይ ጊዜ ሲርገበገብ ነው። በአንዱ ጠርዝ ላይ አንድና ሁለት ሚሊ ሜትር የምታክል እብጠት ብትወጣ መገጣጠሙ ይጓደላል፣ አየርም ያመልጣል፣ ድምፁም ይጎረንናል። በተጨማሪም በአውታሮቹ ውስጥ የሊምፍ መሥመር በጣም ጥቂት ስለሆነ ካንሰሩ ወደ አንገት ዕጢዎች ለመሰራጨት ጊዜ ይወስድበታል። በዚህ ደረጃ የተገኘ ትንሽ ካንሰር በጨረር ወይም በአፍ በኩል በሚሠራ የሌዘር ቀዶ ሕክምና ከአሥር ታማሚዎች በዘጠኙ ላይ ያህል ይድናል፤ ድምፁም ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ከአውታሮቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ በታችኛው ጉሮሮ የተነሣው ግን ድምፅ የሚያውክበት ምክንያት ስለሌለ አድጎና ተሰራጭቶ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው።

የድምፅ መጎርነን እንዴት እንደሚዘናጉበት፣ ምርመራም እንዴት እንደሚያሳስት ከጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ከፍሬድሪክ ሣልሳዊ ታሪክ ማየት ይቻላል። ፍሬድሪክ ፒፓ አብዝተው የሚያጨሱ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 1887፣ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ ድምፃቸው ጎረነነና ሳይሻላቸው ቀረ። በመጋቢት ፕሮፌሰር ጌርሃርት በመስተዋት ሲያዩአቸው በግራ የድምፅ አውታራቸው ጠርዝ ላይ ትንሽ እብጠት አገኙ፤ ደጋግመውም በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ አቃጠሉት። በግንቦት እብጠቱ ተመልሶ አድጎ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ቤርግማን ካንሰር ነው ብለው ማንቁርቱ ተከፍቶ እንዲወጣ መከሩ፤ ዝግጅቱም ተጀመረ። በመጨረሻው ሰዓት ከለንደን የተጠሩት ሞሬል ማኬንዚ ግን መጀመሪያ ናሙና ይመርመር አሉ፤ በመቆንጠጫ ቁራጭ ወስደውም ለበርሊኑ ሊቅ ለሩዶልፍ ፊርኮ ላኩ። ፊርኮ በማይክሮስኮፕ ካዩ በኋላ በናሙናው ውስጥ ካንሰር አላገኙም። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። በኅዳር ካንሰር መሆኑ የማያጠራጥር ሆነ፤ በየካቲት 1888 መተንፈስ ስላቃታቸው አንገታቸው ተበስቶ ቱቦ ገባላቸው። በመጋቢት ዙፋን ሲወርሱ መናገር ስለማይችሉ ሐሳባቸውን የሚገልጹት በወረቀት ላይ እየጻፉ ነበር። ነግሠው በ99ኛው ቀን፣ ሰኔ 15 ቀን 1888፣ ዐረፉ።

በዚያ ዘመን የነበረው ቀዶ ሕክምና ራሱ ብዙዎችን ይገድል ስለነበር፣ ቤርግማን ቢሰሙ ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱ ይድኑ ነበር ማለት አይቻልም። ማኬንዚ ናሙና መጠየቃቸውም በመርሕ ደረጃ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ያለ ናሙና የካንሰር ሕክምና አይጀመርም። ስሕተቱ «በዚህ ቁራጭ ውስጥ ካንሰር የለም» የሚለው ውጤት «ካንሰር የለብዎትም» ተብሎ መተርጎሙ ነው። ከላይ ላዩ የተቆነጠረ ትንሽ ናሙና ካንሰሩን ሊስተው ይችላል። እብጠቱ እያደገ፣ አውታሩም መንቀሳቀስ እየተሳነው ከሄደ፣ ውጤቱ ምንም ይበል ምን፣ ናሙናው እንደገና ከጠለቀ ቦታ መወሰድ አለበት።

የድምፅ መጎርነን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጉንፋን፣ ከጩኸት ወይም ከጨጓራ ከሚመለስ አሲድ ነው። ከጉንፋን የመጣው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ ሐኪሞች በተለምዶ ሦስት ሳምንትን ወሰን ያደርጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የሙያ መመሪያም ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን ማንቁርቱ ሳይታይ መታለፍ የለበትም ይላል። ለሚያጨስ ሰው ወይም አንገቱ ላይ ዕጢ ላለበት ግን ይህን ያህል መጠበቅም አይገባም። መምህራን፣ ነጋዴዎችና ቀዳስያን ድምፃቸው በሥራቸው ስለሚደክም መጎርነኑን ለሥራው ሰጥተው የመዘግየት አደጋ አለባቸው። ዕረፍት ተወስዶ ካልተመለሰ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ምልክት የአንገት ዕጢ ወይም ንፍፊት ነው። ከኤችፒቪ የመጣው ካንሰር በቶንሲል ስንጥቅ ውስጥ እንደተደበቀ ወደ አንገት ስለሚሰራጭ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ከመንጋጋ ሥር የወጣ፣ የማያም እብጠት ነው። በኢትዮጵያ ይህን ምልክት የሚያወሳስብ ነገር አለ፤ የዕጢ ቲቢ ብዙ ነው። ስለዚህ አንገቱ ያበጠ ሰው ቲቢ ተብሎ መድኃኒት ቢጀመርለት አያስገርምም፤ ብዙውን ጊዜም ግምቱ ልክ ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን በእጅ ዳስሶ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። በዕድሜ የገፋ፣ በተለይ የሚያጨስ ወይም የሚጠጣ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ጠንካራ፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር የተጣበቀና የማይንቀሳቀስ ዕጢ ካለው፣ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድለታል። የኤችፒቪ ዕጢ ፈሳሽ የሚቋጥር በመሆኑ መርፌው ፈሳሹን ብቻ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ናሙናው ይደገማል፤ ጉሮሮውም ይታያል። ሕክምና ተጀምሮ እያደገ የሚሄድ ዕጢም ቲቢ ነው ከተባለ በኋላ እንደገና መመርመር አለበት።

የቀሩት ምልክቶች መለያቸው በአንድ ወገን መሆናቸውና አለመተዋቸው ነው። የጉሮሮ ቁስለት በሁለቱም በኩል ከትኩሳት ጋር መጥቶ በሳምንት ሲሄድ ኢንፌክሽን ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ሳምንታት ከቆየ ግን ያሳስባል። ምራቅ ሲዋጥ የሚወጋ ሕመም፣ እንጀራ ሲወርድ የሚይዝ ጉሮሮ፣ ከሌላው ጎልቶ ያበጠ አንድ ቶንሲል፣ ደም የተቀላቀለበት ምራቅ፣ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ክብደት ከዚሁ ይመደባሉ። ብዙዎችን የሚያታልለው የጆሮ ሕመም ነው። ጉሮሮንና ጆሮን የሚያገለግሉ ነርቮች ስለሚጋሩ፣ ሕመሙ ጉሮሮ ውስጥ ተነሥቶ ጆሮ ላይ ይሰማል። ጆሮው ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘና ሕመሙ ካልተወ ጉሮሮው መታየት አለበት። በእነዚህ ጊዜያት አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ መውሰድ ወይም በባህላዊ መንገድ እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ለበሽታው ወራት ይሰጠዋል፤ መቆረጡ ራሱም ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ሕመም ለሌለው ሰው የጉሮሮ ካንሰርን አስቀድሞ የሚፈልግ አስተማማኝ የጅምላ ምርመራ እስካሁን የለም። ምልክት ያለው ሰው ግን የሚደረግለት ምርመራ ቀላል ነው። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ስለ ትንባሆና መጠጥ ይጠይቃል፤ አፍን ያያል፤ የምላስ ሥርንና አንገትን በጣቱ ይዳስሳል። ከዚያም ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ አስገብቶ ከአፍንጫ ጀርባ እስከ ድምፅ አውታሮች ያለውን ይመለከታል። አፍንጫው በመድኃኒት ስለሚደነዝዝ ታማሚው ነቅቶ ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። አጠራጣሪ ነገር ከታየ በማደንዘዣ ናሙና ይወሰዳል፤ ስፋቱም በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ይለካል። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ወረፋው ግን አሁንም ረጅም ነው። ስለዚህ ድምፁ ሦስት ሳምንት የጎረነነበት፣ አንገቱ ላይ ዕጢ የቆየበት ወይም በአንድ ወገን ሲውጥ የሚያመው ሰው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደዚህ ሐኪም እንዲላክለት ይጠይቅ፤ ሲጠየቅም ስለ ሲጋራውና ስለ መጠጡ ሳይሸሽግ ይናገር።